በሥራ አስኪያጅ ስም ደብዳቤ ማርቀቅ፦ ከቃል ትእዛዝ እስከ ማኅተም

ኮምቦልቻ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ጸሐፊያቸውን ጠርተው፣ «እነዚህ የአዲስ አበባ ሰዎች ቀልደውብናል። ገንዘባችንን ይመልሱ ብለሽ ጠንከር ያለ ደብዳቤ ጻፊላቸው» ይላሉ። ወዲያው ስልካቸው ይጠራል፤ ወደ ሌላ ጉዳይ ይገባሉ። ጸሐፊዋ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ የያዘችው ቁጣቸውን ብቻ ነው። ከዚህ ቁጣ ተነስቶ አንድ ገጽ የማይሞላ፣ ጉዳዩን የሚያስፈጽም፣ ነገ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ድርጅቱን የማያሳፍር ደብዳቤ እንዴት እንደሚወጣ በዚሁ ምሳሌ ላይ እንሥራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ከአንድ አዲስ አበባ ከሚገኝ አምራች 6,000 የዱቄት ማሸጊያ ከረጢት ለመግዛት ውል ገብቶ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ከፍሏል። ዕቃው ከቀኑ ዘግይቶ መጣ፤ ሲቆጠር ደግሞ 4,800 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚሰማው «አብሽሩ፣ በዚህ ሳምንት ይጫናል» የሚል መልስ ነው።

ከመጻፍዎ በፊት ውሳኔውን ይጠይቁ

ደብዳቤው የሚወጣው በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ነው። ስለዚህ አርቃቂው የሚጽፈው አለቃው በንዴት የተናገሩትን ሳይሆን የወሰኑትን ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። በምሳሌአችን ጸሐፊዋ ብዕር ከማንሳቷ በፊት ንብረት ክፍልን ብትጠይቅ፣ ፋብሪካው ከረጢት ሊያልቅበት እንደተቃረበና ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ ዕቃውን በቶሎ ከሌላ ቦታ ማግኘት እንደሚያስቸግር ትሰማለች። እንግዲያው ሥራ አስኪያጁ የሚፈልጉት ገንዘቡን ነው ወይስ ከረጢቱን?

ስልካቸውን ሲጨርሱ ገብታ አራት ነገር ትጠይቃለች። ዕቃውን ነው የምንጠይቀው ወይስ ገንዘቡን? እስከ መቼ? በዚያ ቀን ካልመጣ ምን እናደርጋለን? ግልባጩስ ለማን ይድረስ? መልሳቸው አጭር ነው፦ «ዕቃው ይምጣ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ካለፈ አንቀበልም፣ ገንዘባችንን ይመልሱ፤ ግልባጭ ለፋይናንስና ለንብረት።» ይህን መልስ እዚያው ፊታቸው በማስታወሻ ይጻፉት። ረቂቁ ሲቀርብ «እኔ እንዲህ መቼ አልኩ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ የሚመለሱት ወደዚህ ማስታወሻ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። «ወደ ሕግ እንሄዳለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአርቃቂው ብዕር በቀላሉ ይወጣል፤ ነገር ግን ድርጅቱን በሥራ አስኪያጁ ስም የሚያስር ቃል ነው። እሳቸው ያልወሰኑትን ዛቻ አይጻፉባቸው። የተዛተው ሳይፈጸም ከቀረ የሚቀጥለውን ደብዳቤ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ሰነዶቹን ጠረጴዛዎ ላይ ያድርጉ

ለዚህ ደብዳቤ ሦስት ሰነድ ያስፈልጋል፦ ውሉ፣ የባንክ ክፍያ ማረጋገጫውና ዕቃው ሲራገፍ የተፈረመው የዕቃ መረከቢያ ሰነድ። ቁጥርና ቀን ከሰው አፍ አይቅዱ። መጋዘን ጠባቂው «አንድ ሺህ ምናምን ይጎድላል» ይላል፤ ሰነዱ የሚለው ግን 300 ከረጢት የያዘ እስር 16 ብቻ መራገፉን ነው፤ 16 በ300 ሲባዛ 4,800 ይሆናል፤ የጎደለው በትክክል 1,200 ነው። የአንዱ ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 38 ብር ስለሆነ፣ ያልመጣው ዕቃ ዋጋ 45,600 ብር ነው።

በሰነዱ ላይ ማን እንደፈረመም ይመልከቱ። ዕቃውን ይዞ የመጣው የአቅራቢው ተወካይ ከጉድለቱ አጠገብ ከፈረመ፣ ይህ በደብዳቤው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይገባዋል፤ ከማናቸውም የቁጣ ቃል የበለጠ ክብደት አለው። የዕቃውን ስም ደግሞ ውሉ በጠራው መንገድ ይጥሩት። መጋዘን ውስጥ ሁሉም «ማዳበሪያ» የሚለው ዕቃ ውሉ ላይ «የዱቄት ማሸጊያ ከረጢት» ከተባለ፣ ደብዳቤውም ከረጢት ይበለው፤ ያለበለዚያ ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ፋብሪካው የእርሻ ማዳበሪያ የገዛ ይመስለዋል።

የገጹ አሰላለፍ

የድርጅቱ አርማና አድራሻ የታተመበትን ኤ4 ወረቀት ይጠቀሙ። አርማው ከላይ ስለሚይዘው ቦታ ጽሑፉን ከወረቀቱ ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። በግራ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ይተዉ፤ ወረቀቱ ተበስቶ ፋይል ውስጥ ሲገባ የመስመሮቹ መጀመሪያ እንዳይበላ ነው። ለፊደል መጠን 12 ይበቃል።

ቁጥርና ቀን ከላይ በቀኝ በኩል ይገባሉ። በረቂቁ ላይ ሁለቱንም ባዶ ይተዉአቸው። ቁጥሩን የሚሰጠው መዝገብ ቤት ነው፤ የሚሰጠውም ደብዳቤው ተፈርሞ ወጪ ሲሆን ነው። ቀኑም የወጣበት ቀን መሆን አለበት። ሰኞ ተረቅቆ ሐሙስ የተፈረመ ደብዳቤ የሰኞን ቀን ይዞ ከወጣ፣ የወጪ መዝገቡና ደብዳቤው አይገናኙም። በጽሑፉ ውስጥ ቀን ሲጠቅሱ ደግሞ 4/3/2017 ከማለት «ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብለው ወሩን በስሙ ይጻፉ፤ ለውጭ አገር ድርጅት የሚጻፍ ከሆነ «እ.ኤ.አ.» ብሎ የእነሱን ቀን መጨመር ነው።

ተቀባዩ በግራ በኩል በ«ለ» ይጀምራል፤ ከሥሩ ከተማው ተጽፎ ይሰመርበታል። ቀጥሎ «ጉዳዩ፦» መሐል ላይ፣ ደመቅ ብሎና ተሰምሮበት ይመጣል። ብዙዎች እዚህ ላይ «ከረጢትን ይመለከታል» ብለው ያልፋሉ። ይህ ፋይል ለሚከፍት ሰው ምንም አይነግረውም። ጉዳዩን ብቻ ያነበበ ሰው የተጠየቀውን ነገር ማወቅ አለበት።

ከዚያ አካሉ፣ ከአካሉ በታች መዝጊያው፣ በቀኝ በኩል ፊርማ፣ ስምና ኃላፊነት፣ በግራ በኩል ከታች አባሪና ግልባጭ ይከተላሉ። ደብዳቤው ወደ ሁለተኛ ገጽ ከተሻገረ ፊርማው ብቻውን እንዳይሄድ ቢያንስ የመጨረሻውን አንቀጽ አብረው ያሻግሩት። ብቻውን ፊርማና ማኅተም የያዘ ገጽ ለማንም ሌላ ጽሑፍ ሊያገለግል የሚችል ወረቀት ነው።

ስለ ትየባ አንድ ነገር ብቻ፦ አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት አይሥሩት። የዩኒኮድ ፊደል፣ ለምሳሌ Nyala ወይም Power Geez Unicode1 ከተጠቀሙ «።» ራሱን የቻለ ምልክት ነው። በሁለት ምት የተሠራው መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ ተከፍሎ ግማሹ ወደ ታች ይወርዳል። በኢሜይል የሚላክ ከሆነ ደግሞ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት፤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤው ወደ ትናንሽ ሳጥኖች እንዳይለወጥ።

አካሉን መጻፍ

ወሎዬ ሰው ወደ ጉዳዩ ከመግባቱ በፊት ሰላምታውን አያሳጥርም፤ ቤተሰብ፣ ከብት፣ አዝመራ ሁሉ ይጠየቃል፣ ምርቃት ይከተላል። በሥራ ደብዳቤ ግን ሰላምታ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን» ብሎ መጀመር ስሕተት ባይባልም፣ ያልተሟላ ዕቃ ለመጠየቅ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ አንባቢው ልመና የመጣ እንዲመስለው ያደርጋል። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውንም ይተዉት፤ ርዕሱ ከላይ አለ፣ አንባቢው አይቶታል።

ሦስት አንቀጽ ይበቃል። የመጀመሪያው ሁለቱ ወገኖች ምን ተስማምተው እንደነበር፣ ሁለተኛው ምን እንደሆነ፣ ሦስተኛው ምን እንደሚጠየቅ ይናገራል። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ የሥራ አስኪያጁ ቁጣ ሾልኮ መግባት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ድርጅታችሁ ግን በማን አለብኝነት ዕቃውን አጉድሎ በመላክ ከፍተኛ ኪሳራ አድርሶብናል።» «ማን አለብኝነት» የሰውን ልብ የሚመረምር ቃል ነው፤ ማስረጃ አይገኝለትም። «ከፍተኛ ኪሳራ» ቢሉ ደግሞ «ስንት ነው?» የሚል መልስ ይመጣል፤ እጅዎ ላይ የተሰላ ነገር የለም። ሁለቱን ያውጡና ቁጥሩን ያስገቡ። 6,000 ብሎ 4,800 ብሎ 1,200 ሲል ደብዳቤው በራሱ ይጠነክራል።

የማሰሪያ ግሡ የደብዳቤው ድምፅ ነው። ወደ በላይ አካል፣ ለምሳሌ ፈቃድ ከሚሰጥ መሥሪያ ቤት ጋር ሲሆን «በትሕትና እንጠይቃለን» ይባላል። ከእኩያ ጋር «እንጠይቃለን» እና «እናሳውቃለን» በቂ ናቸው። «እናሳስባለን» ማስጠንቀቂያ ያዘለ ስለሆነ ለመጀመሪያ ደብዳቤ አይቸኩሉበት፤ ለሁለተኛው ያቆዩት። «እናዛለን»ን ለሌላ ድርጅት መጻፍ አይገባም። ጽሑፉ የሚናገረው በድርጅቱ ስም ስለሆነ «እጠይቃለሁ» አይባልም፤ አርቃቂውም በደብዳቤው ውስጥ የለም፣ «ሥራ አስኪያጃችን እንዳዘዙት» የሚል ነገር ፈጽሞ አይገባም፤ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸውና የሚፈርሙት።

አጠራሩንም ከጀመሩበት አይልቀቁ። ለድርጅት ከሆነ የሚጻፈው «ድርጅታችሁ፣ እንድታስረክቡ» እያለ ይጨርስ፤ በስም ለተጠቀሱ ኃላፊ ከሆነ «ድርጅትዎ፣ እንዲያስረክቡ» እያለ። አንዱ አንቀጽ ላይ «ድርጅትዎ» ሌላው ላይ «እንድታስረክቡ» ያለ ደብዳቤ ከሁለት አሮጌ ደብዳቤዎች የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል።

ሦስተኛው አንቀጽ ሕግም ያየዋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት፣ ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ቁጥር 1773 ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሊሆን እንደሚችል፣ ሊሰጥም የሚችለው የመፈጸሚያው ጊዜ ከደረሰ በኋላ መሆኑን ይናገራል። በቁጥር 1774 ደግሞ ጠያቂው በማስጠንቀቂያው ላይ ከዚያ በኋላ አልቀበልም የሚልበትን ጊዜ መወሰን ይችላል፤ ጊዜው ግን እንደ ነገሩ ሁኔታ ተገቢ መሆን አለበት። ስለዚህ ይህች ተራ የምትመስል ደብዳቤ ማስጠንቀቂያም ናት። ጥያቄው ግልጽ ካልሆነ፣ «ጉዳዩን በጥሞና ተመልክታችሁ አስፈላጊውን እንድታደርጉ» ብሎ ከተድበሰበሰ፣ ምን እንደተጠየቀ ለማሳየት ይከብዳል። ቁጥሮቹን በደብዳቤው ውስጥ መጥቀስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አያስፈልግም፤ ክርክር ከመጣ የሕግ ባለሙያው ይጠቅሳቸዋል።

የጊዜ ገደቡንም «በ10 ቀናት ውስጥ» ብለው አይጻፉ። አሥሩ ቀን የሚቆጠረው ከተጻፈበት ነው ወይስ ከደረሰበት? እሑድ ይቆጠራል? አንድ የታወቀ ቀን ይጻፉ፤ ጥያቄው ያበቃል። የገንዘብ መጠን ሲሆን በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ።

ተጽፎ ሲያልቅ ይህን ይመስላል

ቁጥር፦ ዱፋ/ግ/118/17
ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ………… የማሸጊያ ዕቃዎች ማምረቻ ኃ/የተ/የግ/ማኅበር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያልተረከብናቸውን 1,200 የዱቄት ማሸጊያ ከረጢቶች እንድታስረክቡን ስለመጠየቅ

ድርጅታችን ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከድርጅታችሁ ጋር በተፈራረመው ውል መሠረት 6,000 ባለ 50 ኪሎ ግራም የዱቄት ማሸጊያ ከረጢቶችን የአንዱን ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ በብር 38.00 ለመግዛት ተስማምቶ፣ ጠቅላላ ዋጋውን ብር 228,000.00 (ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ሺህ ብር) በዚያው ዕለት በባንክ ከፍሏል። በውሉ አንቀጽ 4 መሠረት ከረጢቶቹ ኮምቦልቻ በሚገኘው መጋዘናችን መድረስ የነበረባቸው እስከ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።

ይሁን እንጂ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተረከብነው እያንዳንዱ 300 ከረጢት የያዘ 16 እስር፣ በድምሩ 4,800 ከረጢት ብቻ ነው። ይህም የድርጅታችሁ ተወካይ በፈረሙበት የዕቃ መረከቢያ ሰነድ ላይ ተመዝግቧል። ቀሪው 1,200 ከረጢት ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ቀን ድረስ አልደረሰንም።

ስለሆነም ቀሪውን 1,200 ከረጢት እስከ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በመጋዘናችን እንድታስረክቡን እንጠይቃለን። እስከተጠቀሰው ቀን ርክክቡ ካልተፈጸመ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ዕቃ የማንቀበል መሆናችንንና የከፈልነውን ብር 45,600.00 (አርባ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ብር) እንድትመልሱልን የምንጠይቅ መሆኑን እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማና ማኅተም)
………………
ሥራ አስኪያጅ

አባሪ፦ የውሉ ቅጂ 3 ገጽ፣ የባንክ ክፍያ ማረጋገጫ 1 ገጽ፣ የዕቃ መረከቢያ ሰነድ 1 ገጽ

ግልባጭ፦
ለፋይናንስ ክፍል
ለንብረት ክፍል
ኮምቦልቻ

ስለ መዝጊያው

«ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚለው እዚህ የሌለው ተረስቶ አይደለም። ይህ ዓረፍተ ነገር ግዴታ የሌለበትን ሰው ስንጠይቅ የሚያምር ነው። ዋጋው የተከፈለበትን ዕቃ ማስረከብ ግን ትብብር ስላልሆነ ምስጋናው ጥያቄውን ያላላዋል። «ከሰላምታ ጋር» ለእኩያ ድርጅት ይበቃል፤ «ከማክበር ሰላምታ ጋር» ለበላይ አካልና ለክብር እንግዳ ይቆይ።

ግልባጭም ይናገራል። ለሕግ አማካሪ ግልባጭ ብሎ መጻፍ በአካሉ ላይ አንድ ቃል ሳይጨመር ዛቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ ሳይፈቅዱ አይጨምሩት። ለሁለተኛው ደብዳቤ ግን ጥሩ መሣሪያ ነው።

ፊርማና ማኅተም

ረቂቁን ከሦስቱ ሰነዶች ጋር አያይዘው ያቅርቡ። ሥራ አስኪያጁ ቁጥሮቹን ከሰነዱ ጋር ማስተያየት እንዲችሉ ያመሳከሩበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። እርማታቸው ከገባ በኋላ ንጹሑን በሁለት ቅጂ ያትሙ፤ አንዱ የሚሄደው፣ ሌላው ቀሪው ነው። ያረቀቀው ሰው አጭር ፊርማውን የሚያኖረው በቀሪው ላይ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከሌሉና በውክልና ምክትላቸው የሚፈርሙ ከሆነ፣ ከፊርማው በላይ «ስለ ሥራ አስኪያጁ» ይባልና ከሥሩ የፈራሚው የራሳቸው ስምና ኃላፊነት ይጻፋል። የሥራ አስኪያጁን ስም የያዘውን ቲተር መትቶ ከፊቱ «ለ/» ጨምሮ መፈረም በየቢሮው የተለመደ ነው፤ ማን እንደፈረመ ግን አይታወቅም። ለዚህ ዓይነት የገንዘብ ጥያቄ ውክልናው በጽሑፍ የተሰጠ መሆኑን ያረጋግጡ። አለቃው ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሆነው በስልክ «አንቺው ፈርሚልኝ» ቢሉ መልሱ፣ ረቂቁን ልኮ እስኪመለሱ ወይም ተወካይ በጽሑፍ እስኪሰይሙ መጠበቅ ነው።

ማኅተም ሁልጊዜ ከፊርማ በኋላ ይመታል፤ የፊርማውን ጫፍ ነክቶ፣ ስሙን ሳይሸፍን። ገና ለሚጻፍ ደብዳቤ ተብሎ በባዶ ወረቀት ላይ አይመታም፤ «ለመንገድ ይያዝ» ቢባልም።

ማድረስ

ደብዳቤው አዲስ አበባ የሚሄደው በድርጅቱ ሠራተኛ እጅ ከሆነ ቀሪው አብሮ ይሂድ፤ ተቀባዩ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን በቀሪው ላይ ያኑር፣ የሚቻል ከሆነ ማኅተም ይምታበት። በፖስታ ከሆነ በአደራ ደብዳቤ ይላክና ደረሰኙ ከቀሪው ጋር ይያያዝ። በቴሌግራም ፎቶ አንስቶ መላክ ለማፍጠን ይረዳል፤ መድረሱን ለማስረዳት ግን በእሱ ብቻ አይተማመኑ። «ደብዳቤ አልደረሰንም» የሚል መልስ ሲመጣ የሚታየው በቀሪው ላይ ያለው ፊርማ ነው።

ከዚያ ኅዳር 30 ቀን በጠረጴዛዎ የቀን መቁጠሪያ ላይ ይመዝገብ። በዚያ ቀን ከሥራ ሰዓት መውጫ በፊት ንብረት ክፍልን ጠይቀው ከረጢቱ ካልገባ፣ በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርበው ሁለተኛ ረቂቅ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በቁጥር ዱፋ/ግ/118/17 የጻፍነውን ደብዳቤ ይመለከታል።»